የፕሮፖዛል ግምገማ፦ በባሶና ወራና እና በጣርማ በር ወረዳዎች የባቄላ ቆርምድ በሽታን ለመቆጣጠር የቀረበ የሁለት ዓመት ጥናት

ለምርምር ድጋፍ ኮሚቴው፦

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባቄላ ለቤት ሽሮና ንፍሮ ከመሆኑም በላይ፣ ናይትሮጅን ለአፈር በመመለስ ለሚከተለው ገብስ መሬቱን የሚያዘጋጅ ሰብል ነው። በመሆኑም ቆርምድ ገበሬውን ባቄላ ከመዝራት ሲያስቆመው የሚጎዳው ባቄላው ብቻ አይደለም። አመልካቾቹ ይህን ችግር መምረጣቸው ተገቢ ነው፤ ጥናቱም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች የሰፈረው አስተያየት የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ዓላማዎቹ ሦስት ናቸው፦ የበሽታውን ስርጭት መዳሰስ፣ ዝርያን፣ የዘር ወቅትንና የፀረ-ፈንገስ ርጭትን ያጣመረ የመስክ ሙከራ ማካሄድ፣ እንዲሁም ውጤቱን ለገበሬው ማድረስ። ሁለተኛው ዓላማ ጠንካራና የጥናቱ እምብርት ነው። የመጀመሪያው ግን «የበሽታውን ሁኔታ መገንዘብ» ተብሎ በመጻፉ መቼ እንደተሳካ ለማወቅ አይቻልም። የበሽታው ክብደት በምን መለኪያ እንደሚመዘን አልተገለጸም፤ 60ዎቹ ማሳዎች «ለመኪና መንገድ ቅርብ ከሆኑት» ይመረጣሉ መባሉም አሳሳቢ ነው። በሽታው እርጥበት በሚበዛበት ስፍራ ስለሚበረታ፣ ከመንገድ ርቀው የሚገኙ ረግረጋማ ሜዳዎች ሳይታዩ የሚወጣው የስርጭት ካርታ የተዛባ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የጊዜ ሰሌዳው ነው። ፕሮጀክቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሆኖም ውል ተፈርሞና ግዥ ተፈጽሞ ገንዘቡ ሥራ ላይ እስኪውል ነሐሴ መድረሱ አይቀርም፣ ባቄላ ደግሞ በዚህ ደጋ የሚዘራው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክረምት ያልፋል፤ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ በሰኔ፣ የሚዘራው በሁለተኛው ዓመት ይታጨዳል፤ በቀጣዩ ሰኔ የሚዘራው ግን ሳይታጨድ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። «የሁለት ዓመት» የተባለው ሙከራ በእርግጥ የአንድ የምርት ዘመን ሙከራ ነው፣ ዝናቡ ከዓመት ዓመት በሚለያይበት አካባቢ ደግሞ በአንድ ዘመን ውጤት ለገበሬ ምክር መስጠት አይገባም። መፍትሔው የመጀመሪያውን መስከረም ለዳሰሳና ለማሳ መረጣ ማዋል፣ የፕሮጀክቱንም ጊዜ በስድስት ወር ማራዘም ነው።

የሙከራው ስፋትም ከአቅም በላይ ነው። አራት ዝርያ፣ ሦስት የዘር ወቅትና ሦስት የርጭት ደረጃ ሲባዙ 36 ትሪትመንት፣ በሦስት ድግግሞሽ 108 መደብ ይሆናሉ፤ በሁለት ጣቢያ 216። ይህን ያህል መደብ ተዳፋት በሆነ የገበሬ ማሳ ላይ ወጥ አፈር አያገኝም። አንድ የአካባቢ ዝርያና አንድ የተሻሻለ ዝርያ፣ ሁለት የዘር ወቅት፣ ሦስት የርጭት ደረጃ ቢወሰድ በየጣቢያው 36 መደብ ብቻ ይበቃል። የበሽታው ተሕዋስ በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ ስለሚቆይ፣ የየማሳው ያለፉት ዓመታት የሰብል ታሪክ መመዝገብ አለበት፤ ፕሮፖዛሉ ይህን ጨርሶ አላነሳም። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ክትትሉን ማን እንደሚቀጥልም አልተጻፈም፤ ለየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ክፍያቸው ቢያዝ ይሻላል።

የተጠየቀው በጀት 1,480,000 ብር ነው፦ ውሎ አበል 592,000፣ መኪናና ነዳጅ 310,000፣ ማይክሮስኮፕ 265,000፣ ዘር፣ ኬሚካልና የጉልበት ሠራተኛ 178,000፣ ሥልጠና 90,000፣ መጠባበቂያ 45,000። ውሎ አበሉ ለ4 ተመራማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 74 ቀን በ2,000 ብር ተሰልቷል፤ የሥራ ዕቅዱ ግን በነፍስ ወከፍ 38 የመስክ ቀን ብቻ ያሳያል። በዚያው ስሌት የሚያስፈልገው 304,000 ብር ነው፣ የ288,000 ብሩ ልዩነት ማብራሪያ የለውም። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በባሶና ወራና ውሎ መመለስ ስለሚቻልም፣ የአዳር አበል የሚገባው ለጣርማ በር ጉዞ ብቻ ነው። የማይክሮስኮፑን ግዥ የሚያፈርሰው የአመልካቾቹ የራሳቸው አባሪ ነው፤ በቤተ ሙከራቸው ሁለት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች እንዳሉ ይገልጻልና።

በሌላ በኩል የጎደለ ወጪ አለ፣ ይህንንም አጥብቄ አነሳለሁ። ያልተረጩ መደቦች በበሽታው እንደሚጠቁ እየታወቀ፣ ማሳውን ለሚሰጠው ገበሬ አንድም የካሳ ብር አልተያዘም። የሙከራ ኪሳራ በገበሬው ጓዳ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ከውሎ አበሉ ከሚቀነሰው ገንዘብ በጎረቤት ማሳ ምርት ልክ የሚሰላ ካሳ ይያዝ፤ ስምምነቱም ከመዝራት በፊት በጽሑፍ ይፈረም።

ለዓላማ ከ30 22፣ ለተግባራዊነት ከ40 21፣ ለበጀት ከ30 13፣ በድምሩ 56 ነጥብ ሰጥቻለሁ። አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲጸድቅ አልደግፍም፤ የተስተካከለ የጊዜ ሰሌዳ፣ የተቀነሰ የሙከራ ንድፍና እንደ አዲስ የተሰላ በጀት ይዞ በሚቀጥለው ዙር ከቀረበ ግን ደግሜ ለመገምገም ዝግጁ ነኝ።