ጋሼ፣ እናትዎ ብቻቸውን አልነበሩም

ጋሼ፣ የዛሬ ቤት ለምን እንደላላ ስለጻፉት ጽሑፍ በመጀመሪያ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አንዴ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ስለ እናትዎ እጅ የጻፉት ቦታ ላይ እንባዬ መጣ። የማልስማማበት ነገር አለኝ። ልጅዎ ከጎንዎ ተቀምጣ እንደምትናገር አድርገው ይስሙኝ።

የማልከራከርበትን ላስቀድም። አንድ ትሪ ከቦ መብላት እየቀረ ነው ያሉት እውነት ነው። ልጆች ከወላጅ ይልቅ ስልክ ላይ ማፍጠጣቸውም እውነት ነው፤ የእኔም እንደዚያው ናቸው። ባልና ሚስት እንግዳ ፊት ሲዘላለፉ ማየት እኔንም ያሸማቅቀኛል። ይሄንን ሁሉ ሲጽፉ ለእኛ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል።

የምንለያየው ምክንያቱ ላይ ነው። ቤት መላላት የጀመረው ሴቷ ለሥራ ስትወጣና ወንዱ ማጀት ሲገባ ነው ብለዋል። «እናቴ ሰባት ልጅ ብቻዋን አሳደገች፤ የዛሬዎቹ ሁለት ያቅታቸዋል» የሚለው ግን አልዋጥልህ አለኝ። እዚያው ጽሑፍዎ ውስጥ ሌላ ነገር አለና። እህሉን የሚፈጩት አክስትዎ ናቸው። ውሃ የምትቀዳው ታላቅ እህትዎ ናት። እናትዎ ገበያ ሲወርዱ እርስዎን አዝለው የሚውሉት ጎረቤት ናቸው። ማታ እሳት ዳር ተረት የሚያወሩት አያትዎ ናቸው። ጋሼ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከእናትዎ ጋር አምስት ሴቶች ናቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት። የኛም ቤት እንደዚያው ነበር። እናቴ ስትታመም ምጣዱ አንድም ቀን ሳይጣድ አልዋለም። ማን እንደጋገረው እንኳ አልጠይቅም ነበር። እንጀራው አለ፣ በቃ። አንዳንዴ የጎረቤት ነው፣ አንዳንዴ የአክስቴ። እናቴ ጠንካራ ሴት ናት፤ ግን ጥንካሬዋን የያዙላት ብዙ እጆች ነበሩ።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልተነሳሁ አልደርስም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፤ እህቶቼ በየፊናቸው ተበትነዋል። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን እነሱም እንደኔ በጨለማ ወጥተው በጨለማ ይገባሉ። ሞግዚት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቀይረናል። በደመወዛችን ከዚያ የተሻለ አልሆነልንም። ሥራዬን ትቼ ቤት ልዋል እንዳልል፣ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ እንኳ የቤት ኪራዩንና የትምህርት ቤቱን ክፍያ በመከራ ነው የሚያደርሰው። ታዲያ የነዚያ የአራት ሴቶች ቦታ ባዶ ሲቀር ማን ይሙላው? የቀረው ሰው ባሌ ነው። ቤቴን ያቆመው እሱ ማጀት መግባቱ ነው።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ይሄ ፍንትው ብሎ ታየኝ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ሕጉ ራሱ አራሷ ዙሪያ እናትና አክስት ይኖራሉ ብሎ ያሰበ ይመስላል። ባሌ ሦስቱን ቀን ጨርሶ ሥራ ገባ፤ ማታ እየመጣ ገንፎ ያገነፋልኝ ነበር።

አማቴ ከገጠር የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጃቸው ወገቡ ላይ ፎጣ አስሮ ድስት ሲያማስል አዩት። ምንም አላሉም። እኔ ግን ከአልጋዬ ሆኜ በሀፍረት ልሞት ደረስኩ፤ እኔም የዚያው ባህል ልጅ ነኛ። ሁለት ቀን ዝም ብለው ተመለከቱት። በሦስተኛው ቀን ተነስተው አጠገቡ ቆሙ። «ዱቄቱን ቀስ እያልክ ነስንሰው እንጂ፣ እንዲህ እኮ ይጓጉላል» አሉት። ማማሰያውን ተቀብለው አሳዩት። ከዚያ መልሰው ሰጡት።

ያ መልሰው የሰጡት ማማሰያ ነው ይሄንን የሚያስጽፈኝ። እሳቸው ከኔም ከእርስዎም ይልቅ ወጉን ያውቃሉ። አራስ መታረስ አለባት፤ ለእሳቸው ወጉ እሱ ነው። ማን ያማስለዋል የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ወንድ ማጀት ሲገባ ክብሩ ይወርዳል» ስላሉትም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው የት ነው? በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለችው ቤተልሔም ውስጥ። የሚያዘጋጁት እነማን ናቸው? ካህናትና ዲያቆናት፣ ወንዶች። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፤ ለመነኮሳቱ እህል የሚፈጨውና የሚያበስለው ማን ነው? እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ ይሄንን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። አባቶቻችን ዱቄት ነክተው ክብራቸው አልጎደለም።

ሕጉ የቤቱን ራስ አነሳው ስላሉት ደግሞ ትንሽ ልበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረገ። እርስዎ ይሄኛውን «ከውጭ የመጣ» ብለውታል። የ1952ቱን ያረቀቀው ግን ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነው። በልማዳችን ባል የበላይ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር። ግን እዚያው ልማድ ውስጥ ሴት ልጅ ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ትካፈል ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሴት ትዳሩ ሲፈርስ ንብረቷን ተካፍላ ትወጣ ነበር። ባህላችን ይሄም አለው። ስለ ባህል ስናወራ ይሄኛው ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም፤ ከልቤ ነው የምለው፣ ያሳዝነኛል።

አንዳንድ ቤት ሚስት ባሏን «ለምን አላጠብክም» እያለች በሰው ፊት ታዋርዳለች፤ እሱን አይቻለሁ፣ እሱ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን ውርደቱ የመጣው ከምላሷ ነው። ሳህኑን ማጠቡ ማንንም አላዋረደም። ባሌ ጠዋት ፍርፍር ሠርቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ማታ እኔ ቀድሜ ከገባሁ እግሩ የሚታጠብበትን ውሃ አሞቅለታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። አንዱ የድሮ ነው፣ አንዱ የአሁን። ቤታችን ውስጥ ተጣልተው አያውቁም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስለ እናትዎ እንደገና ይጻፉልን። በዚህኛው ላይ ግን አክስትዎን ያምጧቸው። አዝለውዎት የሚውሉት ጎረቤት ማን ነበሩ? የእሳቸውንስ ልጆች ማን ያዝል ነበር? እናትዎ ሲታመሙ ምጣዱን ማን ይጥድ ነበር? ሲጽፉት ለትልቁ ልጄ አነብለታለሁ። ስምንት ዓመቱ ነው። እሁድ እሁድ ሽንኩርት የሚልጥልኝ እሱ ነው፣ አያቱ መጥተው ካስተማሩት ወዲህ።