ስለ ሰርጋችን ፎቶዎች ኤዲት

ሰላም ሄኖክ፣ እንዴት ነህ? ፎቶዎቹን ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየናቸው። እጅህ ይባረክ! እንጦጦ ባህር ዛፎቹ መሃል ያነሳኸን ላይማ ቃል የለኝም። ለአልበሙ 40 መርጠናል፣ ቁጥራቸውን ለብቻው እልክልሃለሁ።

ኤዲቱ ቀለል ያለ ይሁንልን። አገጬ ላይ ያለችውን ብጉር አጥፋልኝ፣ ለሰርጉ ሳትጠራ የመጣች ናት። ከዓይኔ ስር ያለውን ጥቁረት ቀነስ አድርገው እንጂ ጨርሰህ አታጥፋው። የባለቤቴ ግንባር ላይ የሚያብለጨልጨውን ላብም እንደዚሁ። IMG_2217 ላይ ከቬሎዬ ጀርባ ባዶ ሃይላንድ ወድቋል፣ እሱን አውጣልኝ።

የቆዳችንን ቀለም ግን አደራ እንዳትነካ። የአንዲት ጓደኛዬን አልበም አይቼ ነው የፈራሁት። ፊቷ ነጥቶ፣ አንገቷና እጇ በራሷ ቀለም ቀርቷል። እኔ ጠይም ነኝ፣ ባለቤቴ ጥቁር ነው፣ እንደዚያው እንታይ። ጨለም ያለ ፎቶ ካለ የሙሉውን ፎቶ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ ፊታችንን ብቻ ለይተህ አታብራ። ቆዳችንም እንደ ፕላስቲክ አይለስልስ፣ ቀረብ ተብሎ ሲታይ የሰው ቆዳ ይምሰል።

ወገቤን አታቅጥን፣ አፍንጫዬንም አታስተካክል። ፍንጭቴንማ ከነካህብኝ ተጣላን! ባለቤቴ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳም የልጅነቱ ናት፣ ትቆይለት። የእንጦጦ ሰማይ ደመናማ ነበር፣ ሰማያዊ አታድርገው። የመልሱ ቀን የለበስኩት ቀሚስ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ ቀለሙ እንዳይቀየር፤ ሸማውም ወደ ሰማያዊ እንዳያደላ።

የአያቴን ፊት ጭራሽ አትንካው። መጨማደዳቸውም፣ የአንገታቸው ንቅሳትም እንዳለ ይሁን። ማለስለሻው ንቅሳቱን እንዳያደበዝዘው በተለይ ተጠንቀቅልኝ። ለእናቴም ያው ነው፣ ሽበቷን አታጥቁርባት። እሷ ደውላ ሌላ ነገር ብትልህ እንኳን እኔን ጠይቀኝ።

ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት ሦስቱን ብቻ ሠርተህ አሳየኝ፦ IMG_2217፣ IMG_2304 እና አያቴ ያሉበትን IMG_2561። በቴሌግራም ስትልካቸው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፣ አለዚያ ጥራታቸው ይወርዳል። ኤዲት ያልተደረጉትንም አትሰርዝ፣ በፍላሽ እወስዳቸዋለሁ። እሺ ሳልልህ ደግሞ ቲክቶክም ሆነ ሌላ ቦታ እንዳትለጥፍ።

ከተስማማነው ዋጋ በላይ የሚያስጨምር ሥራ ካለ ከመጀመርህ በፊት ንገረኝ። ሦስቱን እስከ ዓርብ ብታደርስልኝ ቅዳሜ መልስ እሰጥሃለሁ። አክስቴ በወሩ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ትመለሳለች፣ አልበሙን ሳታይ እንዳትሄድ ነው የምቸኩለው።

አመሰግናለሁ፣
ሰላማዊት