ጉዳዩ፦ ለንብረት ጠባቂነት ሥራ ስለማመልከት

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆስፒታሉ የሰው ሀብት ሥራ አመራር ክፍል
አዲስ አበባ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባወጣችሁት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ መሠረት ለሕክምና መገልገያ ዕቃዎች መጋዘን ንብረት ጠባቂነት ለመወዳደር አመለክታለሁ። በሳፕላይስ ማኔጅመንት ዲፕሎማ ያለኝ ሲሆን በመጋዘን ሥራ ወደ 5 ዓመት የሚጠጋ ልምድ አለኝ።

ከመስከረም 2013 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአንድ የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት በንብረት ጠባቂነት ሠርቻለሁ። ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር እረከብ ነበር፤ የገቢና የወጪ ሰነድ አዘጋጅና ቢን ካርዱን በዕለቱ እመዘግብ ነበር። የለቀቅሁት ወደ ሕክምና ዕቃዎች ዘርፍ ለመግባት በፈቃዴ ነው።

በሲቪዬ ላይ ቀጥሎ የሚታየው አጭር የሥራ ጊዜ ከኅዳር 2 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ የሕክምና ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት የሠራሁበት ነው። በሙከራ ጊዜዬ ውስጥ፣ በ47ኛው የሥራ ቀን ተሰናብቻለሁ። ምክንያቱ 9 ካርቶን የቀዶ ሕክምና ስፌት ክር መደርደሪያ ላይ እንዳለ የመጠቀሚያ ጊዜው ማለፉ ነው። ክሩን የተረከብሁት እኔ ነኝ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ጊዜ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ነበር፤ ከእሱ በፊት የገባው ክር ግን እስከ 2026 የሚያገለግል ነበር። በምግብ ሸቀጥ እንደለመድሁት ቀድሞ የገባውን ቀድሜ ሳወጣ አዲሱ ከኋላ ቀረ። ስረከብም የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ለግዢ ክፍል በጽሑፍ አላሳወቅሁም። ድርጅቱ የወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ተለውጧል። ዕቃ ስረከብ ከብዛቱ እኩል የባች ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን ከካርቶኑ ላይ አንብቤ በቢን ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ አንድ ዕቃ በሁለት ባች ከገባ ለየባቹ የተለየ ካርድ እከፍታለሁ። መደርደሪያ ላይ ከፊት የማስቀምጠው መቼም ይግባ መች ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ነው። የቀረው ጊዜ ከ6 ወር በታች የሆነ ዕቃ ሲመጣ ከመፈረሜ በፊት ለኃላፊው አሳውቄ ይረከብ ወይም ይመለስ የሚለውን ውሳኔ በጽሑፍ እቀበላለሁ።

በዚህ አሠራር ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአንድ የሕክምና ዕቃዎች ጅምላ መደብር፣ የወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ ተክቼ በጊዜያዊ ውል ሠርቻለሁ። በመጋዘኑ 312 ዓይነት ዕቃ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ በ6 ወር ውስጥ ጊዜያቸው የሚያበቃውን ዝርዝር ለሽያጭ ክፍል አስረክብ ነበር፤ በቆየሁበት ጊዜ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያለፈ ዕቃ አልተገኘም። በርክክብ ቆጠራው ከካርዱ ጋር ያልተስማሙት ሁለት ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ በካርቶን ፋንታ በፓኬት የተመዘገበ ጓንት፣ ሌላው ሁለት ጊዜ የተጻፈ የመርፌ ወጪ ሰነድ ሆኖ ተገኝቶ ሁለቱም በዚያው ቀን ተስተካክለዋል። ውሉ ያበቃው ሠራተኛዋ ወደ ሥራዋ በመመለሷ ነው።

በሆስፒታል መጋዘን ክር ወይም ጓንት በሰዓቱ ሳይገኝ ሲቀር ወይም ጊዜው አልፎ ሲገኝ የሚጎዳው ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ታካሚ ስለሆነ ይህን ሥራ ከልቤ እፈልገዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ብቀጠር በ30ኛው ቀን አካባቢ እኔ ባልመረጥኋቸው 20 ዕቃዎች ላይ ድንገተኛ ቆጠራ እንዲደረግና ብዛቱ፣ የባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ከካርዱ ጋር እንዲመሳከር እጠይቃለሁ።

የሦስቱንም ድርጅቶች የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ያሰናበተኝን ጨምሮ፣ ከዲፕሎማዬና ከሲቪዬ ጋር አያይዣለሁ። የጅምላ መደብሩ ኃላፊ ስለ ሥራዬ ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው። ስለ አስመጪው ድርጅት ቆይታዬም በቃለ መጠይቅ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ለንብረት ጠባቂ የሚጠየቀውን ዋስ አቀርባለሁ፤ ከተጠራሁም በማግስቱ ሥራ መጀመር እችላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ትዕግሥት ወርቁ