ፊታችሁን ያየሁት እኔ ነኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ውድ የመዝሙር ክፍል እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ መምህራችን፣ ዛሬ ለእኔ ብላችሁ ከሥራችሁ ቀርታችሁ የመጣችሁ ታላላቆቻችን፤

ጽፌ ነው የመጣሁት። በቃሌ ልናገር ብል እንባዬ እንደሚቀድመኝ አውቃለሁ። ወረቀት ከያዝኩ ግን ሳለቅስም ቢሆን አነባለሁ።

ሁላችሁም እንደሰማችሁት የባለቤቴ ሥራ አርባ ምንጭ ሆኗል። በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን። እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። ዛሬ የካቲት 2017 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደምሆን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ እንኳ ቅዳሜ ቤት ስታየኝ «ምነው አመመሽ?» ነበር የምትለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ ዘመርኩ። ከበሮውን የያዝኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ያስተማረችኝ እኅታችን አሁን ካናዳ ናት። እዚህ ብትሆን ደስ ባለኝ። የመጀመሪያው ቀን ከበሮውን አንገቴ ላይ አንጠልጥላ፣ ማንገቻውን በልኬ አሳጥራ፣ ስለ ምት አንድ ቃል ሳትነግረኝ እንዲህ አለችኝ። «እጅሽን አትዪ። አፋቸውን እዪ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰው ከመዘመሩ በፊት አየር እንደሚስብ ያስተዋልኩት ከብዙ ቅዳሜ በኋላ ነው። ትከሻ ከፍ ይላል። አፍ በትንሹ ይከፈታል። ከበሮው መውደቅ ያለበት ያ ትንፋሽ ሊወጣ ሲል ነው። ዜማው ከወጣ በኋላ ከመታሁ ዘግይቻለሁ። ቀድሜ ከመታሁ ደግሞ መዘምራኑን እያባረርኳቸው ነው። ስለዚህ ማየት ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አየኋችሁ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንን ነው። እናንተ አውደ ምሕረቱ ላይ ስትቆሙ ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ምእመናኑ ነው የምታዞሩት። የጎናችሁን ሰው ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ ፊቱን አታዩም። የኋላ ረድፍ ያላችሁ የምታዩት የፊተኞቹን ነጠላ ነው። እኔ ግን ከጎን ሆኜ ወደ እናንተ ዞሬ እቆማለሁ። እናንተ ስትዘምሩ ምን እንደምትመስሉ እናንተ አታውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ይዤው ከምሄድ ልንገራችሁ።

የኋላ ረድፍ ጫፍ ላይ የምትቆመው ወንድማችን፣ «ሃሌ ሉያ» ከመባሉ በፊት ሁልጊዜ ቀና ብለህ ጉልላቱን ታያለህ። አንድም ቀን ዘለህ አታውቅም። እኔ ምቴን የማስተካክለው በአንተ ነበር። መሪው ያወጣል፣ አንተ ቀና ትላለህ፣ እኔ እመታለሁ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ብነግርህ መጨነቅ ትጀምራለህ ብዬ ፈርቼ ነው።

አንቺ ደግሞ፣ ከመሐል ሦስተኛዋ፣ የእመቤታችን መዝሙር ላይ ብቻ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። የጀመርሽው እናትሽ ካረፉ በኋላ ነው። የዚያን ሰሞን መዝሙሩ እስኪያልቅ ዓይንሽን አልገለጥሽም። እንዳትደናቀፊ ሽብሸባውን ቀስ እንድናደርግ እኔ ምቱን አቀዘቀዝኩት። ጥናት ላይ «ለምን ዘገየ?» ተብዬ ተጠየቅኩ። ዝም አልኩ። መልሱ ይኸው ነው።

የሌሊት ተረኛዋ ነርሷ እኅታችን፣ ከሆስፒታል ቀጥታ መጥተሽ፣ ነጠላሽን በሥራ ልብስሽ ላይ ጣል አድርገሽ የቆምሽባቸውን እሑዶች ቆጥሬአለሁ ብል አትገረሚ። ፊትሽ ተኝቷል፣ እግርሽ ግን አንድ እርምጃ አይስትም ነበር። ስንት ጊዜ ልቅር ብዬ አንቺን አስቤ ተነሥቻለሁ።

አሁን የሁለት ልጆች አባትና እናት የሆናችሁት ሁለታችሁም፣ ከሁሉም ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። እጮኝነታችሁ ለሰው ከመነገሩ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የጥምቀት ጥናት ላይ፣ እርሱ ሲሳሳት እርሷ አንገቷን ትደፋ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ልጆቻችሁ ሕፃናት ክፍል ሲያጨበጭቡ ሳይ የእኔ ልጆች ይመስሉኛል።

የ2012ን ትንሣኤ አትረሱትም። ኮሮና ገብቶ ቤተ ክርስቲያን እንደወትሮው መሰብሰብ የተከለከለበት ዓመት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ሌሊቱን ሁላችንም በየቤታችን ሆነን በስልክ አብረን እንዘምር ተባባልን። አስቡት፣ የአንዱ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሌላው ይዘገያል፣ የአንዳንዱ ይቆራረጣል። ከበሮውን እናቴ ሳሎን ውስጥ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ለመምታት እጄን አነሣሁ። የማየው አፍ የለም። ትከሻ የለም። ጉልላት የሚያይ ሰው የለም። እጄ አየር ላይ ቀረ። እናቴ አይታኝ ምንም ሳትል አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ እርሷ አየር ስትስብ አየሁና መታሁ። የዚያ ሌሊት መዝሙር ያልተበላሸው በእርሷ ነው።

ለዚህ ነው የ2013ን ጥምቀት ከሁሉም አብልጬ የምወደው። ጃንሜዳ ለወራት የአትክልት ገበያ ሆኖ ከርሞ ነበር፤ አትክልት ተራ በወረርሽኙ ምክንያት ወደዚያ ተዛውሮ። ገበያው ከተነሣ በኋላ ሜዳውን ለማጽዳት ከወጣው ወጣት ጋር እናንተም ነበራችሁ። አካፋ ይዛችሁ፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ፣ የበሰበሰ ጎመንና ጭቃ ስትዝቁ ውላችኋል። ጥር 10 ታቦታችንን አጅበን ስንገባ መሬቱን ያየው ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን ያየሁት መሬቱን አልነበረም። ከጭንብሉ በላይ ዓይናችሁ ብቻ ይታይ ነበር። አፋችሁ ስለተሸፈነ በዓይናችሁ ነው የመታሁት። ሁሉም ዓይን ይስቅ ነበር። ጥምቀት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። ለእኔ ግን ዓለም ሊያየው የሚገባው የዚያ ቀን ፊታችሁ ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

ይህን ሁሉ አየሁ እያልኳችሁ ያላየኋት አንዲት ልጅ አለች። የፊት ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ ትቆም ነበር፣ እኔ ከምቆምበት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ። ለደመራ ስንዘጋጅ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሳትል መጥታ አጠናች። መስቀል አደባባይ የሚወጡት ሲመረጡ ግን ድምፅሽ ከዜማው ይወጣል ተብላ ቀረች። ውሳኔው ላይ እኔም ነበርኩ። እጄን አውጥቼ ተስማምቻለሁ። ከመስከረም 16 በኋላ መምጣት አቆመች። እኛም በበዓሉ ደስታ ላይ ነበርንና መጥፋቷን ያስተዋልነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቅርቤ ስለነበረች፣ ሁልጊዜ ከእርሷ አልፌ ሩቁን ነበር የማየው። ኋላ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ይቅር ብላኛለች፤ ሌላ ደብር ታገለግላለች። እኔ ግን ግራ ጫፉን ባየሁ ቁጥር ያመኛል። እናንተንም ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥናት ላይ የተቆጣኋችሁ፣ ሰው ፊት ያረምኳችሁ፣ ዘግይታችሁ ስትመጡ ፊቴን ያጠቆርኩባችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ።

ከበሮውን ለምትረከቢው ለታናሽ እኅቴ ደግሞ ጥቂት ነገር አለኝ።

ቆዳው ክረምት ላይ ይላላል፤ ድምፁ ይሞታል። ከጥናት በፊት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጪው። ፀሐይ ከሌለ ታገሺ እንጂ እሳት አታስጠጊው፣ ይሰነጠቃል። ጠፍሩ ከታች በኩል አንድ ቦታ ሳስቷል፤ ከጥምቀት በፊት ይጠበቅ። ማንገቻውን ላንቺ አሳጥሬዋለሁ። መሬት ላይ አታስቀምጪው። ሰፊው አፍ መለኮቱ፣ ጠባቡ አፍ ትስብእቱ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር መሆኑን ተምረሻል። እኔ ይህን ሁልጊዜ አስታውሼ አልመታሁም። አንቺ አስታውሺ።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ለሃምሳ አምስት ቀን ከበሮ የለም። እኔ በየዓመቱ በጾሙ ወደ ረድፉ እገባና እዘምር ነበር፤ ያኔ የማየው እንደ ሁላችሁ የፊተኛዬን ነጠላ ነው። አንቺ ግን ዘንድሮ ረድፍ ውስጥ አትግቢ። ከበሮውን ባትይዢም እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ቁሚ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ዝም ብለሽ እያቸው። ማን መቼ አየር እንደሚስብ እወቂ። ለትንሣኤ እጅሽ ይደርሳል።

መምህራችን፣ እርስዎን በተመለከተ ብዙ አልጽፍም። አራራይን ከዕዝል ለይቼ እንድሰማ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። አርባ ምንጭ የምገባበትን ሰንበት ትምህርት ቤት ስሙን ነግሬዎታለሁ። እንደ አዲስ ሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ እቆማለሁ። ከበሮ ስጡኝ አልልም።

ሚያዝያ 12 ሌሊት፣ መብራቱ በርቶ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል፣ እኔ እዚያ ቆሜ እዚህ የምትቆሙበትን እያንዳንዱን ቦታ በዓይነ ሕሊናዬ እቆጥራለሁ። ያ ወንድማችን ቀና ይላል። እኅታችን ከሌሊት ተረኝነት ትመጣለች። አንቺም እጅሽን ታነሺያለሽ። ከመምታትሽ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ግራ ጫፍ እዪልኝ። ማን እንደቆመች እዪ።