የ2017 በጀት ዓመት የ1ኛ ሩብ ዓመት የወጪ ዕቅድና ክንውን ልዩነት ሪፖርት

ለ፦ ለሆስፒታሉ የሥራ ክፍል ኃላፊዎች በሙሉ
ከ፦ በጀትና ፋይናንስ ክፍል
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
የሚሸፍነው ጊዜ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሩብ ዓመቱ ከዕቅዱ በላይ 634 ሺ ብር ወጥቷል፤ ይህም 3.3% ነው። መዝገብ ሲዘጋ ያልገቡት አንድ ደረሰኝና አንድ የተፈረመ ውል ሲታከሉ ግን ብልጫው 1 ሚሊዮን 176 ሺ ብር፣ ማለትም 6.2% ይደርሳል። ለሁለተኛው ሩብ ዓመት ውሳኔ መነሻ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ሠንጠረዥ 1፦ ዕቅድ፣ ክንውንና ልዩነት (በሺ ብር)

| ተ.ቁ | የወጪ መደብ | ዕቅድ | ክንውን | ልዩነት | ልዩነት በ% |
|---|---|---:|---:|---:|---:|
| 1 | ደመወዝና አበል | 9,240 | 8,772 | 468 | 5.1 |
| 2 | የላቦራቶሪ ሬጀንት | 2,280 | 3,390 | (1,110) | (48.7) |
| 3 | መድኃኒትና አላቂ የሕክምና ዕቃ | 4,150 | 4,486 | (336) | (8.1) |
| 4 | የሕሙማን ምግብ | 1,080 | 1,197 | (117) | (10.8) |
| 5 | የጄኔሬተር ናፍጣ | 315 | 268 | 47 | 14.9 |
| 6 | የሕንፃና የመሣሪያ ጥገና | 760 | 190 | 570 | 75.0 |
| 7 | ጥበቃና ጽዳት (በውል) | 690 | 690 | 0 | 0.0 |
| 8 | ውኃ፣ መብራት፣ ስልክ | 285 | 311 | (26) | (9.1) |
| 9 | ሥልጠና | 120 | 204 | (84) | (70.0) |
| 10 | ጉምሩክ፣ ማጓጓዣና ልዩ ልዩ | 200 | 246 | (46) | (23.0) |
| | ድምር | 19,120 | 19,754 | (634) | (3.3) |

ልዩነት ማለት ዕቅድ ሲቀነስ ክንውን ነው። በቅንፍ ያለው ከዕቅድ በላይ የወጣ፣ ያለ ቅንፍ ያለው ከዕቅድ በታች የወጣ ነው። መቶኛው የሚሰላው ለዕቅዱ ተካፍሎ ነው። በየክፍላችሁ ኤክሴል ላይ የምትሠሩ ኃላፊዎች ዕቅዱ በC፣ ክንውኑ በD ዓምድ ካለ የሚከተሉትን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ቀመር በE፣ ሁለተኛው በF ዓምድ ይገባል፤ ሁለተኛው ቀመር ዕቅድ በሌለው መደብ ላይ ስህተት እንዳያወጣ የተሠራ ነው።

```
=C5-D5
=IF(C5=0,"",E5/C5)
```

ባለፈው ዓመት ሁለት ክፍሎች ክንውኑን አስቀድመው ዕቅዱን ቀንሰው ስለላኩ ብልጫው ቁጠባ መስሎ ተደምሮ ነበር። የመቀነሱ ቅደም ተከተል አይለወጥ።

የጽሑፍ ማብራሪያ ግዴታ የሚሆነው ልዩነቱ ከ10% እና ከ50 ሺ ብር በላይ ሲሆን፣ ወይም መቶኛው ምንም ይሁን ምን ከ300 ሺ ብር ሲያልፍ ነው። በዚህ መሠረት ማብራሪያ የሚፈለግባቸው ተራ ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 9 ናቸው። ተራ ቁጥር 5ን የጨመርነው ከገደቡ በታች ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የተሳሳተ ስለሆነ ነው።

የላቦራቶሪ ሬጀንት፦ (1,110)

ዕቅዱ በግንቦት ሲዘጋጅ 40,000 ዶላር በ57 ብር ተሰልቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ኤል ሲያችን የተከፈለው አንድ ዶላር በ113 ብር ታስቦ ነው። በዚህ ዋጋ መግዛት የቻልነው የ30,000 ዶላር ዕቃ ብቻ ነው። የ1,110 ሺው ልዩነት ሲፈታ እንዲህ ነው፦

የዋጋ ልዩነት፦ (57 − 113) × 30,000 = (1,680,000) ብር
የመጠን ልዩነት፦ (40,000 − 30,000) × 57 = 570,000 ብር

ሁለተኛው መስመር ያለ ቅንፍ ስለወጣ ብቻ ቁጠባ ተደርጎ እንዳይወሰድ። የምርመራ ቁጥር አልቀነሰም፤ ያልተገዛው የ10,000 ዶላር ሬጀንት የተተካው ከስቶር በወጣ ዕቃ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ለ6 ሳምንት ይበቃ የነበረው ክምችት መስከረም 30 በተደረገው ቆጠራ ከ3 ሳምንት በታች ሆኗል። ስለዚህ በሁለተኛው ሩብ ዓመት መግዛት ያለብን የ40,000 ሳይሆን የ50,000 ዶላር ዕቃ ነው። ተመኑ ከ113 ብር ባያልፍ እንኳ 5,650 ሺ ብር ያስፈልጋል፤ ለሩብ ዓመቱ የተያዘው ደግሞ 2,280 ሺ ብቻ ነው።

በተራ ቁጥር 10 የታየው የ46 ሺ ብልጫም የዚሁ ቅጥያ ነው፤ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው የብር ዋጋ ላይ ስለሆነ ዶላሩ ሲወደድ አብሮ ይወጣል።

ጥገና፦ 570 ሺ ብር ተረፈ የሚለው ቁጥር

በሠንጠረዡ ውስጥ ትልቁ ከዕቅድ በታች የሆነ ቁጥር ይህ ነው። ሁለት ኃላፊዎች ከዚህ ላይ ዝውውር እንዲደረግላቸው ጠይቀዋል። የሚዘዋወር ገንዘብ የለም።

አንደኛ፣ በተራ ቁጥር 9 ሥር ከተመዘገበው ወጪ 96 ሺ ብሩ የኬሚስትሪ ማሽን ካሊብሬሽን ክፍያ ነው። ደረሰኙ ላይ «ሥልጠናና ካሊብሬሽን» ተብሎ ስለተጻፈ በመጀመሪያው ቃል ተመርቶ ወደ ሥልጠና ገብቷል። ወደ ቦታው ሲመለስ የጥገና ክንውን 286 ሺ ይሆናል፤ ሥልጠናም 108 ሺ ሆኖ ከዕቅዱ 12 ሺ በታች ይወርዳል። ለ70 በመቶው ብልጫ ከሥልጠና አስተባባሪው ማብራሪያ መጠየቃችንን አንስተናል፤ ስህተቱ የኛ የመዝገብ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ለኤክስሬይ ማሽኑ ቱዩብ ቅያሪ የ480 ሺ ብር ውል በጳጉሜን ተፈርሟል። ዕቃው ስላልደረሰ ክፍያ አልተፈጸመም፣ ወጪም አልተመዘገበም። ገንዘቡ ግን ግዴታ ተገብቶበታል።

760 − 286 − 480 = (6) ሺ ብር

የክንውን ዓምድ የሚያሳየው የተመዘገበ ወጪን እንጂ የተፈረመ ውልን አይደለም። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ከክንውን ቀጥሎ «ግዴታ የተገባበት» የሚል ዓምድ ይጨመራል፤ የዝውውር ጥያቄም የሚታየው ግዴታው ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ላይ ነው።

ናፍጣ፦ 47 ሺ ብር

የመስከረም የመጨረሻ ሙሌት 62 ሺ ብር ነው። ናፍጣው መስከረም 26 ታንከር ውስጥ ገብቷል፣ ከፊሉም ተቃጥሏል፤ ደረሰኙ ግን እኛ ዘንድ የደረሰው ጥቅምት 6፣ መዝገብ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሲታከል ክንውኑ 330 ሺ፣ ልዩነቱም (15) ሺ ወይም (4.8)% ይሆናል። ቆጥቧል የተባለው መደብ አልፏል ማለት ነው። የጄኔሬተር ክፍሉ የመረከቢያ ሰነድ (ሞዴል 19) ቅጂ በዕለቱ ቢልክልን ደረሰኝ ሳንጠብቅ ተከፋይ አድርገን እንይዘው ነበር።

የሕሙማን ምግብ፦ (117)

ዕቅዱ 60 ሕሙማን × 90 ቀን × 200 ብር ነበር። ክንውኑ 63 ሕሙማን × 95 ቀን × 200 ብር ነው። ጳጉሜን ተረስታለች። ደመወዝ፣ እንዲሁም የጥበቃና የጽዳት ውል በወር ስለሚከፈሉ አምስቱ ቀናት አይነኳቸውም፤ በቀን የሚሰላ ወጪ ሁሉ ግን በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 95 ቀን አለው።

ከ117 ሺው ውስጥ 60 ሺው የዕቅድ ስህተት ነው (60 × 5 × 200)። ቀሪው 57 ሺ የሦስቱ ተጨማሪ ሕሙማን ነው (3 × 95 × 200)። በአንድ ሰው የተከፈለው ዋጋ አልተለወጠም፤ ስለዚህ የኩሽና ኃላፊዋ የምታብራራው ነገር የለም። የሁለተኛው ሩብ ዓመት 90 ቀን ስለሆነ የሕሙማኑ ቁጥር ባለበት ከቀጠለ የሚጠበቀው ብልጫ 54 ሺ ብር ነው። የ2018 ዕቅድ ሲዘጋጅ ምግብ፣ ኦክስጅንና የላውንደሪ ሳሙና በ95 ቀን ይሰላሉ።

ደመወዝ፦ 468 ሺ ብር

የጨቅላ ሕፃናት ዋርድ በሐምሌ ይከፈታል ተብሎ የታቀዱ 12 መደቦች ሩብ ዓመቱን በሙሉ ክፍት ቆይተዋል፦ 12 × 13,000 ብር × 3 ወር። አሥራ ሦስት ሺው የአሠሪውን የ11% የጡረታ መዋጮ ይጨምራል። ከጥቅምት 1 ጀምሮ ስምንቱ ስለተቀጠሩ በሁለተኛው ሩብ ዓመት የሚተርፈው 156 ሺ ብር ብቻ ነው።

መድኃኒትና አላቂ ዕቃ፦ (336)

ከዚህ ውስጥ 210 ሺው ዋጋ ሳይጨምር ተብሎ በነሐሴ ቀድሞ የተገዛ ግሉኮስና ኖርማል ሳላይን ነው፤ ስቶር ውስጥ ተቆጥሯል፣ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ግዢ ይቀንስልናል። የማይመለሰው 126 ሺ የዋጋ ጭማሪ ነው፤ በተለይ በጓንትና በስፌት ክር ላይ። የውኃና መብራት 26 ሺ ብልጫ ቧንቧ በተቋረጠባቸው ቀናት በቦቴ የተገዛ ውኃ ነው።

ሠንጠረዥ 2፦ ከተመዘገበው ወደ ትክክለኛው ልዩነት (በሺ ብር)

| | ልዩነት |
|---|---:|
| በሠንጠረዥ 1 የተመዘገበ | (634) |
| ያልተመዘገበ የናፍጣ ደረሰኝ | (62) |
| የኤክስሬይ ቱዩብ ውል | (480) |
| ከሥልጠና ወደ ጥገና የሚዛወር 96 | 0 |
| የተስተካከለ ልዩነት | (1,176) |

ውሳኔ የሚጠብቁ ጉዳዮች

ሬጀንቱ በተጠቀሰው መጠንና ተመን ከተገዛ የስድስት ወሩ ብልጫ 4,480 ሺ ብር ይሆናል። ከደመወዝ የሚገኘው 468 እና 156 ሺ ተደምሮ 624 ሺ ነው። የቀረው 3,856 ሺ በዝውውር አይሸፈንም፤ ለቦርዱ የተጨማሪ በጀት ጥያቄ እንዲቀርብ ሐሳብ አቅርበናል። የላቦራቶሪ ኃላፊው ከጥቅምት 20 በፊት የእያንዳንዱ ምርመራ የሬጀንት ክምችት ስንት ቀን እንደሚቆይ በዝርዝር ይላኩልን፤ ጥያቄው ያለዚያ ዝርዝር አይቀርብም።

በ57 ብር የተሠራው የመጀመሪያ ዕቅድ እንዲቀየር ከሁለት ክፍሎች ሐሳብ ቀርቧል። አልተቀበልነውም። ዕቅዱን አሁን በ113 ብናርመው የሬጀንቱ ልዩነት ከሪፖርቱ ይጠፋል፣ ቦርዱም ተጨማሪ ገንዘብ ለምን እንደተጠየቀ ማየት አይችልም። የጸደቀው ዕቅድ በዓምዱ እንዳለ ይቆያል፤ ቦርዱ ሲወስን ከጎኑ «የተስተካከለ በጀት» የሚል ዓምድ ይገባል፣ ልዩነቱም ከሁለቱም አንጻር ይሰላል።

የሁለተኛው ሩብ ዓመት መዝገብ ታኅሣሥ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ቀን የተረከባችሁት ዕቃና ያገኛችሁት አገልግሎት ደረሰኝ ባይመጣም ከነመረከቢያው እስከ ጥር 3 ይድረሰን።

በጀትና ፋይናንስ ክፍል