ጉዳዩ፦ የጋራ ዋይፋዩ ወደ ላይኞቹ ፎቆች እንዲደርስ ስለመጠየቅ

ለሕንፃው አስተዳዳሪ

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ቁጥር 504 ተከራይ ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ብሆንም፣ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ያለን ስምንት ተከራዮች ተመካክረንበታል። የሁላችንም ፊርማ በጀርባው አለ።

ባለፈው ደረጃ ላይ ስንገናኝ "ኧረ እኔ ቢሮ በጣም ፈጣን ነው" ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በስልኬ ለካሁት። ከቢሮዎ በር ላይ 46 ሜጋቢት በሰከንድ አገኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ 11 ሆነ። ሳሎኔ ውስጥ 2 ብቻ። መኝታ ቤት ጭራሽ ተቋረጠ። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ስሞክረውም ያው ነው፤ ስለዚህ ሰው በዝቶ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚገባው መስመር ደህና ነው። ፍጥነቱ ከፍ ያለ ፓኬጅ ይግዙልን አልልም፤ ቢገዙም እኛ ጋ አይደርስም። ያለው ራውተር አንድ ነው፣ እሱም ምድር ቤት የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ብረት ሲግናል ያፍናል። ከሳጥኑ ያመለጠውን ደግሞ የየፎቁ የኮንክሪት ወለል ይጨርሰዋል።

የምንጠይቀው ሦስተኛና አምስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አንድ አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ በኬብል ተስቦ እንዲገጠም ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል፣ የኛ ሕንፃ ደግሞ ያን ያህል አይረዝምም። የስልክ መስመሩ የሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ቦታ ካለ ግድግዳ መብሳትም ላያስፈልግ ይችላል። ባለሙያው "ሪፒተር ይበቃል" ካለዎት ግን እባክዎ አይቀበሉት። ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የተዳከመውን ሲግናል ተቀብሎ ነው የሚያስተላልፈው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱታል።

እስከዚያው ራውተሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል። ሌባ ከተፈራ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃዋል። ፓስዎርዱም ይቀየር። እኔ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ያኔ የተሰጠኝ ነው እስካሁን የሚሠራው። ለቀው የሄዱት ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው፤ ጎረቤት ሕንፃ ያሉትንም ሳልጨምር።

ነገሩ ቅንጦት ሆኖብን አይደለም። 502 ያለችው ጎረቤቴ ከቤት ነው የምትሠራው፤ ስብሰባ ሲኖራት ላፕቶፗን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። እርስዎም ሳያዩዋት አይቀሩም። ስንከራይም ዋይፋዩ ከኪራዩ ጋር እንደሚታሰብ በውላችን ተጽፏል።

ባለሙያ ሲያመጡ አስቀድመው ቢነግሩኝ ቤቴን ከፍቼ አስለካለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን አለሁ፤ በሥራ ቀን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን እንዳሰቡ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል። ራውተሩን ለማውጣትና ፓስዎርዱን ለመቀየር ግን ነገም ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
የቤት ቁጥር 504 ተከራይ