ለዶክተር፦ የእናቴ ሕመም ከኅዳር 7 እስከ ኅዳር 14 የነበረው ሁኔታ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ካለፈው ዓመት መጋቢት ጀምሮ በልብ ድካም እርስዎ ዘንድ ክትትል የሚያደርጉት የ62 ዓመት እናት ልጅ ነኝ። ታካሚዎ ብዙ ስለሆነ ላያስታውሷቸው ይችሉ ይሆናል፤ በመስከረሙ ቀጠሮ «ልጄ፣ ልቤስ ደህና ነው፣ ጉልበቴን አድነኝ» ብለው ያሳቁዎት እናት ናቸው። ሙሉ ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው አብሬ በላክሁት የካርድ ፎቶ ላይ ይታያል።

ዋናውን ላስቀድም። እናቴ ከሰኞ ኅዳር 8 ወዲህ ክብደታቸው በ3.5 ኪሎ ጨምሯል፣ ሁለቱም እግሮቻቸው አብጠዋል፣ ትላንት ሌሊትም በጀርባቸው መተኛት አቅቷቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያደሩት። ዛሬ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የሆነች ነርስ መጥታ ስትለካቸው ኦክስጅናቸው 92፣ የልብ ምታቸው 98፣ የደም ግፊታቸው 158/94፣ ሙቀታቸው 36.8 ሆኖ ተገኝቷል፤ አተነፋፈሳቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ ስትቆጥር ደግሞ 26 ደርሷል። ስለዚህ መልስዎን ሳንጠብቅ ዛሬውኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ደሴ፣ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይዘናቸው እንነሳለን። ይህንን የምጽፈው እርስዎም ሆኑ ተረኛው ሐኪም ነገሩን ከመነሻው እንድታገኙት፣ እኔም በር ላይ ተደናግጬ ዋናውን ነገር እንዳልረሳው ነው።

መነሻው የዛሬ አስር ቀን ይመስለኛል። ሐሙስ ኅዳር 4 ሐርቡ ያሉ አክስታችን ቤት ለቅሶ ሄደው ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። መድኃኒታቸውን የያዘውን ከረጢት እዚህ ቤት ረስተውት ስለሄዱ ሐሙስ ጠዋት ከወሰዱት በኋላ ዓርብንና ቅዳሜን ሙሉ ምንም አልወሰዱም። መርሳታቸውን የነገሩኝ እሑድ ኅዳር 7 ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ደውለው ቢነግሩኝ ኖሮ በሚኒባስ እልክላቸው ነበር። በለቅሶው የሚበላው ደግሞ ሰው ከየቤቱ ያመጣው ስለሆነ፣ እኛ ቤት በእርስዎ ትእዛዝ ካቋረጥነው ጨው ብዙ ሳይቀምሱ አልቀሩም። «የሰው እንጀራ ጨው የለውም ወይ ተብሎ ይጠየቃል?» ነው መልሳቸው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ለቅሶ ላይ መሬት ቁጭ ብለው ስለሰነበቱ ጉልበታቸው ተነሥቶባቸው፣ ቅዳሜ ኅዳር 6 አንድ ሰው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም ገዝቶ ሰጥቷቸዋል። ሻጩ ሌላ በሽታ እንዳለባቸው አልጠየቀም፤ ገዢውም አልተናገረም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ እስከ ዓርብ ኅዳር 12 ጠዋት ወስደውታል። እኔ ያገኘሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልጋቸውን ሳነጥፍ ነው፤ ትራሱ ሥር አሥር ፍሬ የሚይዝ ማሸጊያ ሁለት ነበር፣ አንደኛው ባዶ ሲሆን ከሁለተኛው የቀረው ሰባት ፍሬ ነው። ስለዚህ በጠቅላላው 13 ፍሬ ወስደዋል ማለት ነው፤ እንዳይሳሳቱብኝ ማሸጊያዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ባለፈው ዓመት «የሕመም ማስታገሻ ሳትጠይቁኝ እንዳትጀምሩ፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል» ብለውን እንደነበር አስታውሳለሁ። እርሳቸው ግን ይህ የጉልበት እንጂ የልብ መድኃኒት ስላልሆነ ክልከላው የሚመለከተው አልመሰላቸውም፤ እኔም በደንብ አላስረዳኋቸውም ነበር።

ሳምንቱ እንዴት እንደሄደ እንደሚከተለው ነው። ክብደታቸውን የምመዝነው ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው። ሰኞ ኅዳር 8 ክብደታቸው 61.8 ነበር፤ እርስዎ ካርዳቸው ላይ የጻፉት ደግሞ 61 ነው። የዚያን ዕለት ምንም አላሉኝም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ አንድ ትራስ ጨምሩልኝ አሉ። ረቡዕ 62.9 ሆኑ፤ ካልሲያቸውን ሳወልቅላቸው የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እንደ ቀለበት ተቀርጾ ቀርቶ ነበር። ሐሙስ ሦስት ትራስ ተደርቦላቸው ተኙ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ሲሄዱም ንግግራቸው ይቆራረጥ ጀመር። ዓርብ 64.1 ሆኑ፣ ግፊታቸውም ሰኞ ከነበረው 138/84 ወደ 152/92 ወጣ። የዚያን ዕለት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ነቁና መስኮት ከፍተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን የሚያርፉ ቢመስለኝም ማታ ላይ ጨርሶ መጋደም አቃታቸው። ዛሬ ጠዋት 65.3 ነው የመዘንኳቸው።

እብጠቱ በሁለቱም እግር እኩል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ ባቱ ላይ መቅላትም ሆነ ትኩሳት የለም። ዛሬ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለውን የአጥንት ፊት በአውራ ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ እስከ አሥር ቆጥሬ ስለቀው ጉድጓዱ ሃያ ስቆጥርም አልሞላም ነበር፤ ሰኞ እስከ ጉልበት ድረስ ምንም እብጠት አልነበረም፣ አሁን ግን ከጉልበት በታች በሙሉ ተወጥሯል። ዘወትር የሚያደርጉት የላስቲክ ጫማ አልገባ ብሏቸው የእኔን ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ሆዳቸውም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይከብደኛል ይላሉ፣ ሁለት ጉርሻ ሲበሉም ጠገብኩ ይላሉ።

ሳል አላቸው። ደረቅ ሳል ሲሆን ከተጋደሙ በኋላ ይብሳል፤ ትላንት ማታ አንድ ጊዜ ነጭ አረፋ የሚመስል ተፍተዋል፣ ደም ግን አላየሁበትም። ኢናላፕሪል ሳል እንደሚያመጣ ነግረውን ነበር፤ ይሁንና ሲወስዱት ስምንት ወር ስለሆናቸውና ሳሉ የጀመረው ማክሰኞ ስለሆነ ያው ነው ብዬ አላሰብኩም። ደረቴን ያመኛል አላሉም፤ ልቤ ይዘላል ያሉት ግን ዓርብ ሌሊትና ዛሬ ጠዋት ነው። ራሳቸውን አልሳቱም፣ ንግግራቸው አልተዛባም፣ ከንፈራቸውም አልጠቆረም። ሽንታቸው ግን በጣም ቀንሷል፤ ፉሮሰማይዱን ከወሰዱ በኋላ ከአራት ጊዜ ያላነሰ ይሄዱ የነበሩት እናት ትላንት ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሄዱት፣ ቀለሙም ጥቁር ሻይ መስሏል።

ከእሑድ ኅዳር 7 ወዲህ ያሉት መድኃኒቶቻቸው እነዚህ ናቸው፤ እኔው በእጄ ስለምሰጣቸው አልተቋረጡም። ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም ጠዋት አንድ፣ ኢናላፕሪል 5 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ስፒሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም ጠዋት አንድ፣ ሜቶፕሮሎል 50 ሚሊ ግራም ማታ አንድ። የዛሬውን የጠዋት መድኃኒት 1 ሰዓት ላይ ወስደዋል። የስኳር በሽታ የለባቸውም፤ ሰውነታቸውን የሚያሳክክ ወይም የሚቃወማቸው መድኃኒት እስካሁን አላየንም። በመስከረም የተሠራው የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ውጤት፣ ያለፈው የኢኮ ወረቀትም በፎቶ ተያይዟል፤ ዋናዎቹንም ይዣለሁ።

በቤት ያደረግነውን ሳልደብቅ ልንገርዎ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ጎረቤት ለሳሉ ይበጃል ብላ አብሽ አፍልታ አምጥታላቸው በትልቅ ብርጭቆ አራት ጊዜ ጠጥተዋል፤ ከውኃው ጋር በዚያ ቀን ከ2 ሊትር የማያንስ ፈሳሽ እንደወሰዱ እገምታለሁ። ዓርብ ዳይክሎፌናኩን አስቁሜያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ቢሆነውም መሻሻል አላየሁም። ፉሮሰማይዱን ድርብ አድርጊው ያለኝ ሰው ነበር፤ ኩላሊታቸው በዳይክሎፌናኩ ተጎድቶ ከሆነ በጨለማ ውስጥ መጨመር እንዳይሆንብኝ ብዬ አልነካሁትም። ዓርብ ሌሊት ሲነቁ ወዲያው ማምጣት ነበረብኝ። «ቀጠሮዬ ኅዳር 24 ነው፣ ምን አስቸኮለሽ?» ሲሉኝ እሺ አልኳቸው፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

አንድ የቸገረኝ ነገር መንገዱ ነው። ከዚህ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚጨምር፣ እዚህ 92 የነበረው ኦክስጅን እዚያ እንዳይወርድ ፈርቻለሁ። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት እዚሁ ኮምቦልቻ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስገብቼ ደግሜ አስለካቸዋለሁ፤ ከ90 በታች ከሆነ ወይም ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ሮዝ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከተፉ እዚያው ኦክስጅን ተደርጎላቸው በአምቡላንስ እንዲላኩ እጠይቃለሁ። ከዚህ የተለየ የሚሉኝ ነገር ካለ እስከ 10 ሰዓት ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ከዚያም በኋላ መኪና ውስጥ ሆኜ አነሣለሁ።

ሲያዩአቸው እንዲነግሩን የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ዛሬውኑ መሠራት እንዳለበት፤ ከኢናላፕሪልና ከስፒሮኖላክቶን ጋር ዳይክሎፌናክ መጨመሩ ፖታሲየም ከፍ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም፣ ነርሷ ግን ጠይቂ ብላኛለች። ሁለተኛ፣ ጉልበታቸው በእውነት ያማቸዋል፤ እርሱን ካላገኘንለት መፍትሔ እርስዎ የማያውቁትን ክኒን ደግመው እንደሚያስገዙ አልጠራጠርም፣ ስለዚህ የሚፈቀድላቸውን ማስታገሻ ስሙን ጽፈው ይስጡን። ሦስተኛ፣ ነገ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። እርሳቸው እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ሊጾሙ ወስነዋል፤ የጠዋቱን መድኃኒትም ወደ ከሰዓት አሳልፉልኝ እያሉ ነው። እኔ ብናገር አይሰሙኝም፤ ከእርስዎ አፍ ከሰሙት ግን ለንስሐ አባታቸው ነግረው ይፈታሉ።

የመኪናው ሾፌር በር ላይ ቆሟል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ የመድኃኒት ከረጢታቸውን በዚህኛው ጊዜ ራሳቸው ይዘው ተነሥተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የታካሚዎ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ
እሑድ ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል